የተማሪን ስሕተት የሚያሳይ የታሪክ ምርጫ ጥያቄ እንዴት ይወጣል? ከውጫሌ ውል ምሳሌ ጋር

«የውጫሌ ውል የተፈረመው መቼ ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ «ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም.» የሚለውን በትክክል የሚያከብ ተማሪ፣ ውሉ ለምን ጠብ እንዳስነሳ ሲጠየቅ «ምኒልክ ጣሊያንኛ ስለማይችሉ ተታለው ፈረሙ» ብሎ ይጽፋል። ፈተናው ሙሉ ነጥብ ሰጥቶታል፣ ስሕተቱ ግን ከነበረበት አልተነቃነቀም። ቀኑን የጠየቀው ጥያቄ ይህን ስሕተት ሊያይ የሚችልበት መንገድ ስለሌለው ነው።

ከትክክለኛው መልስ ውጭ ያሉትን አማራጮች ከዚህ በኋላ «አዘናጊ» እንላቸዋለን፤ አማራጮቹ የሚንጠለጠሉበትን የጥያቄውን አካል ደግሞ «ግንድ»። የዚህ መመሪያ ሥራ በሙሉ በአንድ ነገር ላይ ያርፋል፦ እያንዳንዱ አዘናጊ ከተማሪ አፍ ወይም ደብተር የተገኘ ስሕተት መሆን አለበት። ከመምህሩ ጭንቅላት የተፈጠረ አዘናጊ አብዛኛውን ጊዜ ማንንም አያዘናጋም።

## ከመጀመርዎ በፊት የሚያስፈልጉ

- የክፍሉ መማሪያ መጽሐፍና የምዕራፉ የመማር ዓላማዎች
- ለእያንዳንዱ ተማሪ ግማሽ ገጽ ወረቀት
- ለጥያቄዎቹ ብቻ የሚሆን ደብተር
- ፈተናው ከመሰጠቱ በፊት ቢያንስ አንድ ሳምንት

ጊዜው ሲጠብ ሰው የሚቆርጠው የመጨረሻውን ነው። እባክዎ አይቁረጡት። ፈተናው ነገ ከሆነ አሥር ጥያቄ ከማውጣት ሦስት ጥያቄ በዚህ መንገድ አውጥተው ቀሪውን እንደተለመደው ይሙሉት።

## ደረጃ 1፦ የሚፈትኑትን ሐሳብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ

«የውጫሌ ውል» ርዕስ ነው፤ ሐሳብ አይደለም። ሐሳብ ማለት ተማሪው ሊያምነው ወይም ሊክደው የሚችል ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። ለምሳሌ፦

> የውሉ 17ኛ አንቀጽ ጠብ ያስነሳው የአማርኛው ቅጂ ምኒልክ ከፈለጉ በጣሊያን በኩል ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር መላላክ እንደሚችሉ ሲናገር፣ ጣሊያን ግን የራሷን ቅጂ ይዛ ይህን ግዴታ ስላደረገችው ነው።

ዓረፍተ ነገሩን ጽፈው ሲጨርሱ «ተማሪው ይህን ካላወቀ ምን ይመስለዋል?» ብለው ይጠይቁ። ምንም ካልመጣልዎት ዓረፍተ ነገሩ ለዚህ ዓይነት ጥያቄ አይሆንም። «ውሉ የተፈረመው ውጫሌ ላይ ነው» የሚለው እውነት ነው፤ ነገር ግን በተማሪ ልብ ውስጥ የሚቀናቀነው የተሳሳተ እምነት የለም። የማያውቀው ዝም ብሎ ይገምታል።

ማስጠንቀቂያ፦ የታሪክ ጸሐፊዎች ራሳቸው የሚከራከሩበትን ነገር እዚህ አያስገቡ። ምኒልክ ከአድዋ ድል በኋላ መረብን ተሻግረው ለምን እንዳልዘመቱ የተለያየ ማብራሪያ ይሰጣል። ይህን በምርጫ ካቀረቡት አንዱን ማብራሪያ «ትክክል»፣ ሌላውን «ስሕተት» አድርገው ይፈርዳሉ። ለጽሑፍ ጥያቄ ያቆዩት።

## ደረጃ 2፦ ስሕተቶቹን ከተማሪዎች ይሰብስቡ

ትምህርቱ ባለቀ ማግሥት አንድ ክፍት ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ይጻፉ፦ «የውጫሌ ውል ጠብ ያስነሳው ለምንድን ነው? በሦስት መስመር ጻፉ።» ስም አይጻፍ፤ ነጥብ የለውም በሏቸው። አሥር ደቂቃ ይበቃል። ነጥብ ካለው ከመጽሐፉ የሸመደዱትን ይገለብጡልዎታል፤ የሚፈልጉት ደግሞ የሚያምኑትን ነው።

ወረቀቶቹን ሲሰበስቡ ስሕተቶቹን በክምር በክምር ይለዩ። በዚህ ርዕስ ላይ የሚከተሉት ክምሮች ደጋግመው ይወጣሉ፦

1. የአማርኛ ቅጂ አልነበረም። ምኒልክ በማያውቁት ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት ላይ ማኅተም አደረጉ ብለው የሚያምኑ። እውነቱ ውሉ በሁለቱም ቋንቋ መጻፉ ነው።
2. 17ኛው አንቀጽ መሬት ሰጠ። ድንበርን የሚመለከተው 3ኛው አንቀጽ ነው። ተማሪው ሁለቱን አንቀጾች አዋህዷቸዋል።
3. የፈረሙት አፄ ዮሐንስ ናቸው። አፄ ዮሐንስ ከደርቡሾች ጋር በመተማ ተዋግተው በመጋቢት 1881 ሞተዋል፤ ውሉ የተፈረመው ከዚያ በኋላ በሚያዝያ ነው።
4. አድዋና ማይጨው አንድ ናቸው። «ጣሊያን ውሉን አፍርሳ በመርዝ ጋዝ መጣች» የሚሉ። ጋዙ የ1928ቱ ወረራ ነው፤ አድዋ ከዚያ 40 ዓመት ይቀድማል።

ከ40 ወረቀት ቢያንስ በሦስቱ ላይ የታየውን ስሕተት ይያዙ። አንድ ተማሪ ብቻ የጻፈውን እንግዳ ሐሳብ ይተዉት፤ ፈተናው ላይ ማንም አይመርጠውም።

ወረቀቶቹ ባዶ ከመጡ፦ ጥያቄዎ ሰፍቶባቸዋል። «ስለ ውጫሌ ውል የምታውቁትን ጻፉ» ዓይነት ጥያቄ ባዶ ወረቀት ወይም የተሸመደደ ቀን ያመጣል። «ለምን» ወይም «ከዚያ ምን ሆነ» ብለው አጥብበው ይጠይቁ። ወረቀት የማዳረስ ዕድል ከሌለ የባለፈው ዓመት የጽሑፍ መልሶችን ያገላብጡ፤ ቀይ እስክሪብቶ ያረፈበት ቦታ ሁሉ ክምር ነው።

## ደረጃ 3፦ ግንዱን ይጻፉ፤ ቀኑን ራስዎ ይስጡ

ግንዱ ሙሉ ጥያቄ ይሁን። «የውጫሌ ውል ______» ብለው ክፍት ከተዉት ተማሪው ምን እንደተጠየቀ የሚያውቀው አማራጮቹን ካነበበ በኋላ ነው፤ አራቱም አማራጮች አራት የእውነት–ሐሰት ጥያቄዎች ይሆኑበታል።

ቀኑን ግንዱ ውስጥ ያስገቡት፦

> በ1881 ዓ.ም. በአፄ ምኒልክና በጣሊያን መንግሥት መካከል የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ ጠብ ያስነሳው ለምንድን ነው?

ቀኑ ስለተሰጠ መሸምደድ ነጥብ አያመጣም፤ ያልሸመደደውም አይቀጣም። ሌላም ጥቅም አለው። እኛ አገር የቀን ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚለካው ታሪክን ሳይሆን የዘመን አቆጣጠር ልዩነትን ነው። አማራጮቹ ውስጥ 1888 እና 1896 ጎን ለጎን ከተቀመጡ ሁለቱም የአድዋ ዓመት ናቸው፤ አንዱ በእኛ፣ አንዱ በአውሮፓውያን። ተማሪው ስሕተት ቢያደርግ ምን እንዳላወቀ ማንም ሊናገር አይችልም።

ግን ይህን ግንድ ልብ ብለው ይመልከቱት፤ ችግር አለበት። «በአፄ ምኒልክ» ስለሚል ሦስተኛውን ክምር፣ ማለትም የፈረሙት ዮሐንስ ናቸው የሚለውን ስሕተት፣ ገና ሳይፈትን ያርመዋል። ስለዚህ ስሙን ያውጡት፦

> በ1881 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በጣሊያን መካከል የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ ጠብ ያስነሳው ለምንድን ነው?

ግንዱን ሲጨርሱ አማራጮቹን ሳይጽፉ ራስዎን ይፈትኑ፦ ጎበዝ ተማሪ አማራጮቹን በእጁ ሸፍኖ መልሱን መናገር ይችላል? ካልቻለ ግንዱ አልተሟላም።

የቋንቋ ማስጠንቀቂያ፦ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ታሪክ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ግንዱ ከባድ ቃል ከያዘ ተማሪው የሚወድቀው በእንግሊዝኛው ነው። ክፍል ውስጥ ያልተጠቀሙበትን ቃል ፈተና ላይ አያምጡ። «ያልሆነው የቱ ነው?» ዓይነት አሉታዊ ግንድም በሁለቱም ቋንቋ ተማሪን ያለ ጥፋቱ ይጥላል፤ የግድ ከሆነ አሉታዊው ቃል ላይ ያስምሩበት።

## ደረጃ 4፦ ትክክለኛውን መልስ ይጻፉ፣ ከዚያ ይቁረጡት

መልሱ ሁልጊዜ ይረዝማል፤ መምህሩ ማንም እንዳይከራከረው ስለሚፈራ ቅድመ ሁኔታ ይጨምርበታል። የመጀመሪያው ረቂቅ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፦

> የአማርኛው ቅጂ ምኒልክ ከፈለጉ በጣሊያን በኩል መላላክ ይችላሉ ሲል ጣሊያን ግን ግዴታቸው ነው በማለት ኢትዮጵያን ጥገኛዋ አድርጋ ለአውሮፓ ስላሳወቀች

ያላነበበ ተማሪ እንኳ ረጅሙን አይቶ ይከበዋል። ይቁረጡት፦

> ሁለቱ ቅጂዎች በውጭ ግንኙነት ላይ ስለተለያዩ

ለአዘናጊዎቹም ልኩ ይህ ይሁን፤ ከአራት እስከ ሰባት ቃል።

## ደረጃ 5፦ አዘናጊዎቹን ከክምሮቹ ይውሰዱ

በደብተርዎ ላይ ከእያንዳንዱ አዘናጊ ፊት ለፊት «ይህን የሚመርጥ ተማሪ … ብሎ ያምናል» የሚል መስመር ይጻፉ። መስመሩን መሙላት ካቃተዎት አዘናጊው ይሰረዝ። ከዚህ ደረጃ ሁሉ የማይዘለለው ይህ ነው።

> ሀ) የውሉ የአማርኛ ቅጂ ስላልተጻፈ
> ለ) ሁለቱ ቅጂዎች በውጭ ግንኙነት ላይ ስለተለያዩ
> ሐ) አንቀጹ ሰሜናዊውን መሬት ለጣሊያን ስለሰጠ
> መ) አንቀጹ የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ እንዲሰፍር ስለፈቀደ

በደብተሩ ላይ፦

- ሀ = ምኒልክ በማያውቁት ቋንቋ ብቻ ፈረሙ ብሎ ያምናል (ክምር 1)
- ሐ = 3ኛውንና 17ኛውን አንቀጽ አዋህዷል (ክምር 2)
- መ = ?

መ ላይ ያለው ጥያቄ ምልክት እውነተኛ ነው። ከክምር አልመጣም፤ አራተኛ አማራጭ ስለጎደለ የተፈጠረ ነው። ምን እንደሚሆን ደረጃ 8 ላይ እናየዋለን።

አዘናጊ ሲጽፉ ሁለት ነገር ይጠብቁ። አንደኛ፣ ራሱን ችሎ እውነት የሆነ ነገር አይሁን። «ጣሊያን ቅኝ ግዛት ስለምትፈልግ» ብለው ቢያስገቡ እውነት ስለሆነ ጎበዙ ተማሪ ይሟገትዎታል፤ ትክክልም ነው። ሁለተኛ፣ ስሕተቱን በተማሪው ቃል ይጻፉት እንጂ አያስቂሉት። «ምኒልክ ፊደል ስላልቆጠሩ» ከተባለ ያንኑ የሚያምነው ተማሪ እንኳ አነጋገሩን አይቶ ይሸሸዋል።

## ደረጃ 6፦ መልሱን የሚያጋልጡ ምልክቶችን ያጥፉ

አማራጮቹን ብቻ፣ ግንዱን ሸፍነው ያንብቡ። መልሱ የቱ እንደሆነ መገመት ከተቻለ አንድ ቦታ ይፈስሳል። ርዝመቱን አይተናል። «ሁልጊዜ»፣ «ፈጽሞ»፣ «ብቻ» የሚሉ ቃላት አዘናጊዎች ላይ ብቻ ከታዩ ተማሪው እነሱን ማስወገድ በአንድ ሳምንት ይለምዳል። «ሁሉም መልስ ናቸው» የሚለውን ጨርሶ ይተዉት፤ ሁለቱ ትክክል መሆናቸውን ያየ ተማሪ ሦስተኛውን ሳያነብ ይከበዋል፣ የትኛውን ስሕተት እንደሚያምንም አይነግርዎትም።

የአማርኛ ሰዋስው የሚያጋልጠውን ግን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ይህን ይመልከቱ፦

> የ17ኛውን አንቀጽ የጣሊያን አተረጓጎም አጥብቃ የተቃወመችው ማን ናት?
> ሀ) ራስ መኮንን ለ) አንቶኔሊ ሐ) እቴጌ ጣይቱ መ) ራስ አሉላ

«ናት» የሚለው ቃል ሦስቱን አማራጮች ያለ ታሪክ ዕውቀት ይጥላቸዋል። በአንቱታ «የተቃወሙት ማን ናቸው?» ቢባል ጾታው ይሸፈናል፤ ግን ያኔ ማዕረግ ሳይኖረው የቀረበው አንቶኔሊ ብቻውን ጎልቶ ይታያል። ስለዚህ የሰው ስም አማራጭ ሲሆን ሁሉም ባለ ማዕረግ ይሁኑ ወይም ሁሉም ያለ ማዕረግ፤ ግሱም ለአራቱም የሚስማማ ይሁን። በእኛ ምሳሌ አራቱም አማራጮች «ስለ…» በሚል ግስ ስለሚያልቁ ከግንዱ «ለምንድን ነው» ጋር እኩል ይገጥማሉ።

## ደረጃ 7፦ በሁለት የሥራ ባልደረቦች ያስሞክሩ

መልሱን ሳይሰጡ ለሁለት ሰዎች ያቅርቡ፤ አንዱ ታሪክ የሚያስተምር፣ ሌላው የማያስተምር ይሁን። የታሪክ መምህሩ ከመልስዎ ውጭ ከመረጠ ወይም «ሐም ያስኬዳል» ካለ ከመሟገት ይልቅ አዘናጊውን ያስተካክሉ። ለምሳሌ «ጣሊያን መሬት መያዟም ለጠቡ ምክንያት ነው» ቢልዎት ግንዱ «17ኛ አንቀጽ» ማለቱን አስምረው ያሳዩት፤ ያም ካላሳመነው ሐ «17ኛው አንቀጽ…» ብሎ እንዲጀምር ያድርጉ። ታሪክ የማያስተምረው ሰው በእርግጠኝነት ትክክሉን ካገኘ ደግሞ ወደ ደረጃ 6 ይመለሱ፤ ምልክት ቀርቷል።

## ደረጃ 8፦ ከፈተናው በኋላ አማራጭ በአማራጭ ይቁጠሩ

እርማት ሲያልቅ ወረቀቶቹን በአጠቃላይ ውጤት ከላይ ወደ ታች ይደርድሩ። 45 ተማሪ ካለዎት የላይኞቹን 15 እና የታችኞቹን 15 ይያዙ፤ መካከለኞቹን ይተዉ። ከዚያ በእኛ ጥያቄ ላይ ማን ምን እንደመረጠ ይቁጠሩ። እንዲህ ወጣ እንበል፦

| አማራጭ | የላይኞቹ 15 | የታችኞቹ 15 |
|---|---|---|
| ሀ | 1 | 4 |
| ለ (መልስ) | 11 | 4 |
| ሐ | 3 | 7 |
| መ | 0 | 0 |

ከዚህ የሚነበበው ብዙ ነው። መልሱን ከላይ 11፣ ከታች 4 ስለመረጡት ጥያቄው ያወቀውን ካላወቀው ለይቷል። ሐ በደንብ ሠርቷል፤ ከጎበዞቹም ሦስቱን ስለያዘ 3ኛውንና 17ኛውን አንቀጽ ለይቶ ማስተማር አልበቃም ማለት ነው። ነገ ክፍል ሲገቡ መጀመሪያ የሚሠሩት ይህ ነው፦ ሁለቱን አንቀጾች ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን አድርገው አንዱ ስለ ድንበር፣ ሌላው ስለ ውጭ ግንኙነት መሆኑን ያሳዩ።

መ ማንንም አልያዘም። ከክምር ያልመጣው እሱ ነበር። በቦታው ሦስተኛውን ክምር ይተኩ፦ «መ) ውሉን የፈረሙት አፄ ዮሐንስ ስለነበሩ»። ክምር ከሌለዎት ግን መን ሰርዘው በሦስት አማራጭ ይቅሩ፤ ሦስት ሕያው አማራጭ አንድ ሬሳ ካለበት አራት ይሻላል። የትምህርት ቤቱ የመልስ መስጫ ወረቀት አራት ቦታ ቢኖረውም ሦስቱን ብቻ መጠቀም ይቻላል፤ ተማሪዎቹን አስቀድመው ይንገሯቸው።

### ቁጥሩ ሲዛባ

የላይኞቹ አንዱን አዘናጊ ከመልሱ በላይ ከመረጡት፦ መጀመሪያ የመልስ ቁልፉን ይመልከቱ፤ ፊደል ተሳስቶ ሊሆን ይችላል። ቁልፉ ትክክል ከሆነ አዘናጊው እውነትነት አለው፣ ወይም እርስዎ ክፍል ውስጥ የተናገሩት ነገር ወደዚያ መርቷቸዋል። ለዚያ ፈተና ሁለቱንም መልስ ይቀበሉ።

ከታችኞቹ መልሱን ያገኙት ከላይኞቹ ከበለጡ፦ ጎበዞቹ ጥያቄው ውስጥ እርስዎ ያላሰቡትን ነገር አይተዋል። ሁለቱን ጠርተው «ለምን ይህን መረጥክ? ለምን ይህን መረጥሽ?» ብለው ይጠይቁ፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

አማራጮቹ ሁሉ እኩል ከተከፋፈሉ፦ ክፍሉ ገምቷል። ጥያቄው ሳይሆን ትምህርቱ አልደረሰም፤ ወይም የግንዱ ቋንቋ ከብዷል።

ሁሉም ካገኙት፦ ስሕተቱ በዚህ ክፍል ውስጥ የለም። ክምሩ የሌላ ክፍል ከነበረ ያጋጥማል። ጥያቄውን ለሚቀጥለው ዓመት ያስቀምጡት።

## ሁለተኛ ምሳሌ፣ ራስዎ እንዲሞክሩት

ይህንን ደረጃ በደረጃ ሳናብራራ እናቀርበዋለን። ደብተርዎ ላይ ከእያንዳንዱ አዘናጊ ፊት ለፊት «ይህን የሚመርጥ ተማሪ…» የሚለውን መስመር ራስዎ ይሙሉና ከታች ካለው ጋር ያስተያዩ።

> ከአድዋ ድል በኋላ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተፈረመው የሰላም ውል ምን አደረገ?
> ሀ) ጣሊያን ኤርትራን ለቅቃ እንድትወጣ አደረገ
> ለ) የውጫሌን 17ኛ አንቀጽ ብቻ አስተካከለ
> ሐ) ጣሊያን በአዲስ አበባ የነበራትን አገዛዝ አበቃ
> መ) የውጫሌን ውል ሽሮ የኢትዮጵያን ነፃነት አረጋገጠ

ሀን የሚመርጠው ድሉ ጣሊያንን ከአካባቢው ጨርሶ አስወጣ ብሎ የሚያምን ነው፤ ጣሊያን ግን በኤርትራ እስከ 1933 ዓ.ም. ቆይታለች። ለን የሚመርጠው የጠቡን ምክንያት አውቋል፤ ግን መላው ውል መሻሩን አላወቀም፤ ስለዚህ ከሌሎቹ ስሕተቶች ሁሉ ለእውነቱ የቀረበው እሱ ነው። ሐን የሚመርጠው አድዋን ከ1928–1933ቱ የአምስት ዓመት ወረራ ጋር አቀላቅሏል፤ ክምር 4 ነው።

መ ከሌሎቹ በጥቂቱ ይረዝማል፤ ውሉ ሁለት ነገር እንዳደረገ የሚናገረውም እሱ ብቻ ነው። በደረጃ 6 ፈተና ይወድቃል። «የውጫሌን ውል ሙሉ በሙሉ ሻረ» ተብሎ ቢቆረጥ ከለ ጋር ያለው ልዩነት ይጠራል፣ ርዝመቱም ይስተካከላል።

## ወረቀቱን ሲመልሱ

ስሕተቱን አስመስለው ስለጻፉት የመረጠው ተማሪ እምነቱ በታተመ ወረቀት ላይ ተረጋግጦለት ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ወረቀቱን በመለሱበት ክፍለ ጊዜ ውስጥ፣ ሳይውል ሳያድር፣ ከመልሱ ይልቅ በአዘናጊዎቹ ላይ ጊዜ ይውሰዱ። «ሐን የመረጣችሁ፣ ስለ መሬት ያሰባችሁት 3ኛውን አንቀጽ ነው» ብለው እያንዳንዱ ከየት እንደመጣና የት ላይ እንደሚሰበር ይናገሩ። የመረጡትን ተማሪዎች ስም አይጥሩ። የቀጣዩ ሳምንት ባለ ሦስት መስመር ወረቀት ላይ ያው ስሕተት ከተመለሰ፣ ያንን ክምር በሌላ ግንድ፣ በሌላ አማራጭ ፊደል አድርገው ለማጠቃለያው ፈተና ያስገቡት።